ሱቁ ሲዘጋ መልስ የሚሰጥ፣ ሲከፈት ጽሑፍ የሚያቀል፦ የዋትስአፕ ቢዝነስ ሁለት መሣሪያዎች

በዋትስአፕ የሚሸጥ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጽፈው ያንኑ ሦስት አራት ነገር ነው። «አዎ አለ»፣ «ዋጋው ይሄ ነው»፣ «ያለነው እዚህ ጋ ነው»፣ «እናደርሳለን»። ማታ ደግሞ ሱቁ ተዘግቶም ሰው ሲጽፍ ያመሻል። ጠዋት ስልኩ ሲታይ «አለ?» የሚል መልዕክት ተደርድሮ ይጠብቃል። ምኑ? በስንት ቁጥር? በምን ቀለም? የጻፈ የለም። ስለዚህ የጠዋቱ ሥራ መሸጥ ሳይሆን መልሶ መጠየቅ ይሆናል። ደንበኛው እስኪመልስ ደግሞ ሌላ ቦታ ገዝቷል።

ዋትስአፕ ቢዝነስ ለዚህ ሁለት መሣሪያ አለው። Away message ሱቁ ዝግ ሲሆን ስልኩ ራሱ የሚልከው መልዕክት ነው። Quick replies ደግሞ አስቀድመው ተጽፈው የተቀመጡ፣ በአጭር ምልክት የሚጠሩ መልሶች ናቸው። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ይከፍትና ይተወዋል። እኔ የምመክረው አያይዞ መሥራትን ነው። የማታው መልዕክት ደንበኛው የጎደለውን ዝርዝር እንዲጽፍ ያድርግ፤ የጠዋቱ ፈጣን መልስ ያንን ይዞ ቶሎ ይጨርስ።

ለምሳሌ አንድ የጫማ ሱቅ እንውሰድ። የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እሁድ ዝግ ነው።

መጀመሪያ የሥራ ሰዓቱን ሙሉ

ሁለቱም መሣሪያዎች ያሉት በዋትስአፕ ቢዝነስ እንጂ በተራው ዋትስአፕ ላይ አይደለም። መተግበሪያው በነጻ ይወርዳል። አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ በሁለቱም ላይ ስለማይሠራ፣ የሱቁን ቁጥር ወደ ቢዝነሱ ካዞራችሁ ከተራው ላይ ይወጣል።

ብዙ ሰው ቸኩሎ በቀጥታ ወደ Away message ይሄዳል። ግን እሱ በየቀኑ በራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ ከፈለጋችሁ፣ ስልኩ ሱቁ መቼ እንደሚከፈት ማወቅ አለበት። የሚያውቀው ደግሞ ከፕሮፋይሉ ነው። Business profile ውስጥ ግቡ፣ Business hours የሚለውን ንኩ፣ ሱቁ የሚሠራባቸውን ቀኖች አብሩና ሰዓታቸውን ሙሉ።

እዚህ ጋ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ስልኩ የሚቆጥረው በራሱ አቆጣጠር ነው። የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለእሱ 9:00 AM ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ 8:00 PM። አንድ ሰው ሳያስብ 3:00 AM ብሎ ቢሞላ ስልኩ ሱቁን ገና በሌሊት ይከፍተዋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለሚጽፍ ደንበኛ ምንም መልስ አይሄድም። ሱቁ ለስልኩ «ክፍት» ነዋ።

የማታው መልዕክት

አሁን ወደ Business tools ሂዱ። በአንዳንድ ስልክ ላይ ከታች Tools ተብሎ ይታያል፤ በሌላው ከላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች ወይም በ Settings ውስጥ ነው። እዚያ Away message የሚለውን ክፈቱና Send away message የሚለውን አብሩ።

Schedule ሲነካ ሦስት ምርጫ ይመጣል። Always send ሁልጊዜ ይልካል። እሱን አብርታችሁ ከረሳችሁት፣ ቀን ላይ ከደንበኛ ጋር እያወራችሁ «ሱቁ ዝግ ነው» የሚል መልዕክት ሊሄድ ይችላል። Custom schedule መነሻና መድረሻ ቀን የምትሰጡት ነው። ለአንድ ጊዜ እንጂ በየማታው የሚደጋገም አይደለም። ለጉዞ ወይም ለእረፍት ስትዘጉ ይጠቅማል። ለየዕለቱ የሚሆነው ሦስተኛው፣ Outside of business hours ነው። ቅድም የሞላችሁት የሥራ ሰዓት ሥራው እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ Recipients አለ፤ ለማን ይላክ ማለት ነው። Everyone ለሁሉም ይልካል። Everyone not in address book ስልካችሁ ላይ ስማቸው ላልተመዘገበ ብቻ ይልካል። ሁለተኛው ዘመድና ጓደኛን ለመተው ጥሩ ይመስላል። ግን የደንበኞቻችሁን ስም የምትመዘግቡ ከሆነ ደህና ደህናዎቹ ደንበኞች ያለ መልስ ያድራሉ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሱቅ Everyone except… ይሻላል። ሁሉም ያገኛል፤ የምትተዉአቸውን ቤተሰቦች ብቻ እየመረጣችሁ ታወጣላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር ጽሑፉ ነው። የተለመደው «ውድ ደንበኛችን፣ ወደ ሱቃችን እንኳን በደህና መጡ፣ ስላነጋገሩን ከልብ እናመሰግናለን…» እያለ ይረዝማል። ሰውየው የሚፈልገው ጫማ ነው። ለጫማ ሱቃችን ይኼኛው ይበቃል፦

> ሰላም፣ መልዕክትዎ ደርሶናል። ሱቁ አሁን ዝግ ነው፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በተራ እንመልሳለን። እስከዚያ የፈለጉትን ጫማ ፎቶ፣ ቁጥሩንና ቀለሙን ይላኩልን።

ሦስት ነገር ይናገራል፦ ደርሶናል፣ መቼ እንመልሳለን፣ እርስዎ ምን ይላኩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉአት። ስልክ የሚሸጥ «የስልኩን ሞዴል»፣ መጋረጃ የሚሸጥ «የመስኮቱን ወርድና ቁመት» ብሎ ይተካት። ሱቃችሁ መልስ ለመስጠት ምን ማወቅ ይፈልጋል? እሱን ጠይቁ።

«እሁድ ዝግ ሆኖ ሳለ 'ነገ ጠዋት እንመልሳለን' ብንልስ?» አትበሉ። ቅዳሜ ማታ ለሚጽፍ ሰው ነገ እሁድ ነው። «በሥራ ቀን» ያልኩት ለዚህ ነው።

የቀኑ መልሶች

Business tools ውስጥ Quick replies ክፈቱና አዲስ ጨምሩ። መጀመሪያ መልሱን ራሱን ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ Shortcut የሚለው ላይ አጭር መጥሪያ ትሰጣላችሁ፤ ከዚያ Save። ከደንበኛ ጋር ስትጻጻፉ / ስትነኩ የመልሶቹ ዝርዝር ይወጣል። መጥሪያውን ስትጽፉ ወይም ከዝርዝሩ ስትመርጡ መልሱ መጻፊያው ላይ ይቀመጣል። እስካልላካችሁት ድረስ ማስተካከል ትችላላችሁ። በራሱ አይሄድም፤ ከማታው መልዕክት የሚለየው በዚህ ነው።

እስከ 50 መልስ ማስቀመጥ ይቻላል። ግን ሃምሳ መጥሪያ የሚያስታውስ ሰው አላየሁም። ባለፈው ሳምንት የላካችኋቸውን መልዕክቶች ወደ ላይ እየገፋችሁ እዩ። ደጋግማችሁ የጻፋችሁት ይታያችኋል። ለጫማ ሱቃችን አራት ይበቃል፦

```
/ale     አዎ፣ አለ። ዋጋው
/yelem   ይህ በእርስዎ ቁጥር አልቋል። ተመሳሳይ ላሳይዎት?
/bota    የሱቁ አድራሻ እና ምልክቱ
/lak     የምናደርስበት ቀን እና አከፋፈሉ
```

የ /ale ጽሑፍ «ዋጋው» ላይ የቆመው ተረስቶ አይደለም። የሚለዋወጠው ነገር መጨረሻ ላይ ሲሆን መልሱ እንደገባ ቁጥሩን ጽፋችሁ ትልካላችሁ። ዋጋውን ራሱን መልሱ ውስጥ ብታስቀምጡት ግን የዋጋ ለውጥ በመጣ ቁጥር ማስተካከል ሊኖርባችሁ ነው። ይረሳል። ደንበኛውም የላካችሁለትን አሮጌ ዋጋ ይዞ ይመጣል። አድራሻና አከፋፈል በየቀኑ አይለወጡም፤ እነሱን ሙሉውን ጻፏቸው።

ሌላው የአማርኛችን ጣጣ ነው። አንዱ መልስ ለወንድም ለሴትም ስለሚሄድ «ትፈልጋለህ» ብላችሁ ካስቀመጣችሁ ግማሹን ደንበኛ ታበሳጫላችሁ። በየጊዜው ህ-ን ወደ ሽ መቀየር ደግሞ የፈጣን መልስን ጥቅም ያጠፋዋል። በ«እርስዎ» ጻፉት፤ ጾታው አይለይም፣ አክብሮቱም አለ።

እንግዲህ ማታ 4 ሰዓት ላይ አንዲት ደንበኛ «ይሄ አለ?» ብላ ጻፈች እንበል። የማታው መልዕክት ወዲያው ሄደላት። እሷም ፎቶውን ላከችና «38፣ ጥቁር» ብላ ጨመረች። ጠዋት መደርደሪያውን ታያላችሁ፤ 38 አለ። /ale ትጠራላችሁ፣ ዋጋውን ትጨምራላችሁ፣ ትልካላችሁ። «ታደርሳላችሁ?» ካለች /lak ትከተላለች። ያለ ማታው መልዕክት ቢሆን የጠዋቱ የመጀመሪያ መልሳችሁ «የቱ ጫማ? ስንት ቁጥር?» ነበር።

ሳይሠራ ሲቀር

ለመሞከር ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በሌላ ስልክ ለሱቁ ቁጥር ጻፉ። ያ ሌላው ስልክ ከምትተዉአቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እንዳይሆን ብቻ። ብዙ ሰው በባለቤቱ ስልክ ይሞክርና «አይሠራም» ይላል። ባለቤቱን ግን ቅድም ራሱ ነው ያወጣት።

ከዝርዝሩ ውጪ በሆነ ስልክም መልስ ካልመጣ፣ የሱቁ ስልክ ኢንተርኔት ላይ መሆኑን እዩ። መልዕክቱ የሚላከው ስልኩ ኢንተርኔት ካለው ብቻ ነው። ማታ ዳታ የሚያጠፋ፣ ወይም ስልኩን ሱቅ ውስጥ ዋይፋዩን አጥፍቶበት የሚሄድ ሰው ይህ መሣሪያ አይሠራለትም። ስልኩ እየበራ መልሱ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ባትሪ ቆጣቢው ወይም የዳታ ገደቡ ዋትስአፕ ቢዝነስን ከጀርባ እንዳይሠራ ከልክሎት ይሆናል። ከስልኩ ሴቲንግ ገብታችሁ ለዚህ መተግበሪያ ብቻ ፍቀዱለት።

በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። ፈጣን መልስ ላይ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ማያያዝ ይቻላል፤ ለምሳሌ የቁጥር መለኪያ ሠንጠረዥ። ሆኖም ፎቶ ያለበት ፈጣን መልስ በዋትስአፕ ዌብ ላይ አይሠራም። ለእንዲህ ዓይነቱ መልስ ስልኩን አንሱ፤ አለዚያም ሠንጠረዡን በጽሑፍ አድርጋችሁ ሌላ መጥሪያ ስጡት።