የቆየ ቪዲዮን ርዕስና መግለጫ በፍለጋ ቃላት ዘገባ እንዴት ማስተካከል ይቻላል

አንድ የደሴ ነዋሪ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያደረገውን ጉዞ ቀርፆ «ከጓደኞቼ ጋር ያሳለፍነው ልዩ ቀን» በሚል ርዕስ ከሁለት ዓመት በፊት ዩቲዩብ ላይ ጫነ እንበል። የዘጠኝ ደቂቃው ቪዲዮ ከደሴ መኪና የሚያዝበትን ቦታ፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ ገዳሙ የሚወስደውን መንገድና ለሴቶች የተፈቀደው እስከ የት እንደሆነ ያሳያል፤ ርዕሱ ግን ከእነዚህ አንዱንም አይናገርም።

በመጀመሪያ YouTube Studio ውስጥ ቪዲዮውን ከፍተው Analytics፣ ቀጥሎ Reach የሚለውን ይምረጡ፤ የጊዜውን ወሰን ወደ አንድ ዓመት ካሰፉ በኋላ ከተመልካች ምንጮች መካከል YouTube search የሚለውን ሲጫኑ ሰዎች ጽፈው ወደ ቪዲዮው የደረሱባቸው ቃላት ይዘረዘራሉ። ዘገባው የሚያሳየው እይታ ያስገኙ ቃላትን ብቻ ስለሆነ፣ ቪዲዮው ጭራሽ ያልታየባቸውን ፍለጋዎች ከዚህ አያገኟቸውም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዝርዝሩን በእይታ ብዛት ብቻ ሲያነቡ ነው። በምሳሌያችን «ሐይቅ» የሚለው ቃል 140 እይታ አምጥቶ አማካይ የቆይታ ጊዜው 25 ሰከንድ ነው፤ «ሀይቅ እስጢፋኖስ ሴቶች ይገባሉ» የሚለው 18 እይታ ብቻ ቢኖረውም ተመልካቹ አራት ደቂቃ ቆይቷል፤ በላቲን ፊደል የተጻፈው «dessie to hayk» ደግሞ 31 እይታና ሦስት ደቂቃ ተኩል አለው። የመጀመሪያውን የጻፈው ሰው ሐዋሳን ወይም ጣናን ይፈልግ እንደሆነ አይታወቅም። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን የመጡበትን መልስ አግኝተዋል፤ ስለዚህ ርዕሱ የሚሠራው ከእነርሱ ነው።

አዲሱ ርዕስ «ከደሴ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፦ መንገዱና የሴቶች መግቢያ» ሊሆን ይችላል። ዩቲዩብ ለርዕስ እስከ 100 ፊደላት ቢፈቅድም በስልክ ላይ መጨረሻው ስለሚቆረጥ ዋናው ነገር ከፊት ይቀመጥ። የመግለጫው የመጀመሪያ ሁለት መስመሮች ጥያቄውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመልሱ፤ የላቲኑ አጻጻፍም እዚያው አንድ ጊዜ ይግባ። «ሐይቅ»ን በ«ሀ» እና በ«ሃ» የሚጽፉትንም ታግ ውስጥ ማስገባት ይበቃል፤ ዩቲዩብ ራሱ እንደሚለው ታግ የሚጠቅመው በዋናነት ለእንዲህ ያለ የአጻጻፍ ልዩነት ነው። በቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር ግን ምንም ያህል ቢፈለግ አይጻፍ፤ ተመልካቹ ወዲያው ይወጣል፣ ቆይታውም ይወርዳል።

ለውጡን ያደረጉበትን ቀን መዝግበው፣ የቪዲዮውን የሽፋን ምስል፣ ማለትም ተምኔሉን፣ ሳይነኩ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉትን 28 ቀናት ያነጻጽሩ። ጥር 1 የእስጢፋኖስ በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን የሚታይ ጭማሪ ከርዕሱ ለውጥ የመጣ ላይሆን ይችላል። ተምኔሉ በፍለጋ ውጤት ላይ ለሰዎች የታየበት ብዛት የሆነው Impressions ጨምሮ፣ ካዩት መካከል የጫኑትን መቶኛ የሚያሳየው Impressions click-through rate ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ቪዲዮው ለሰዎች መታየት ቢጀምርም የሚጫነው አላገኘም ማለት ነው፤ ተምኔሉን መቀየር የሚገባው ያን ጊዜ ነው።