ያለ አንድ ቃል የተላከ ድርሰት፦ መልስ ስንሰጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ረቡዕ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቴሌግራሜ ጮኸ። ከፈትኩት። ሰላምታ የለም፣ "ቲቸር" የለም፣ ጥያቄ የለም። ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ድርሰት ብቻ። ላኪው እዚሁ ኮዬ ፈጬ፣ እኛ ብሎክ ውስጥ የሚኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ይሄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይገጥመኛል። ቸግሮኝ የሚያውቀው ማንበቡ አይደለም። የላከው ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ነው። "ምን እንደሚል ባጭሩ ንገረኝ" ሊሆን ይችላል። "ምኑ ጥሩ ነው፣ ምኑስ ይጎድለዋል?" ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ "እባክህ አስተካክለህ ጻፍልኝ"። አንዱን ለፈለገ ሌላውን ብትሰጡት ልፋታችሁ ውሃ በላው። እኔ ሦስቱንም አሳስቼ ሰጥቻለሁ፣ ስለዚህ የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ነው።

ዝምታውን "ጻፍልኝ" ብሎ መተርጎም

የመጀመሪያውና ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው። አንዲት ተማሪ የስኮላርሺፕ ድርሰቷን ላከችልኝ፣ ምንም አላለችም። እኔ ደግሞ ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩና እስከ ስድስት ሰዓት ሌሊት ድረስ ከራሱ እስከ ጭራው እንደገና ጻፍኩት። አማረ። እሷም ደስ አላት፣ እንዳለ ላከችው። ከዚያ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች፣ ጠያቂው ከድርሰቱ አንድ ዐረፍተ ነገር አውጥቶ "እዚህ ጋ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?" አላት። ዐረፍተ ነገሩ የኔ ነበር። ምን ትበል?

ማጠቃለያም ሆነ አስተያየት ቢሳሳት ሰውየው ይተወዋል፣ የራሱ ጽሑፍ እንዳለ እጁ ላይ ነው። እንደገና የተጻፈ ግን የእሱን ቦታ ይወስዳል። በተለይ ቀን የደረሰበትና የደከመው ሰው አያወዳድርም፣ ያማረውን አንስቶ ይልካል። ስለዚህ ጽሑፉ ሰውየውን የሚያስመዝን ከሆነ፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ፣ ለስኮላርሺፕ ወይም ለክፍል ሥራ ከሆነ፣ ሳይጠየቁ እንደገና መጻፍ አይገባም።

ይሄን ስል ግን ሁሌም አትጻፉ ማለቴ አይደለም። ታች ቤት ያሉት ጋሼ የውሃ ቆጣሪያቸውን ጉዳይ ለወረዳ የሚያስገቡበትን ማመልከቻ ሲልኩልኝ፣ "ጋሼ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሐሳቡ ይደጋገማል" ብዬ ብመልስላቸው ምን ይሉኛል? ማመልከቻ ጉዳይ ለማስፈጸም ነው፣ የጋሼን የአጻጻፍ ችሎታ የሚመዝን የለም። እዚያ ላይ ወዲያው አስተካክዬ መላክ ነው ትክክሉ። የማመልከቻ ዝምታና የድርሰት ዝምታ አንድ አይደሉም።

የማን ጽሑፍ እንደሆነ ሳያዩ መተቸት

አንድ ጎረቤቴ ስለ ቤት ግብር የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ላከልኝ። እኔ ሆዬ መግቢያው ረዝሟል፣ ማስረጃው ሳስቷል እያልኩ ግማሽ ገጽ አስተያየት ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቶ መለሰልኝ፦ "እኔ አይደለሁም እኮ የጻፍኩት። እኛን ይመለከተናል ወይ ለማለት ነው።"

ብመለከት ኖሮ ምልክቱ ግልጽ ነበር። ከመልእክቱ አናት ላይ Forwarded from የሚል ነበረበት። እሱ ባይኖር እንኳ ሌሎች ምልክቶች አሉ። በመሐል የቀሩ የማጣቀሻ ቁጥሮች፣ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለ "ተጨማሪ ያንብቡ"፣ ከአርዕስቱ ሥር የጸሐፊ ስምና ቀን። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲመጣ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ማጠቃለያ ነው። ያውም ሦስት አራት መስመር። ራሱ የጻፈው ሰው ረቂቅ ግን ሌላ መልክ አለው። "እኔ" ይላል፣ የፊደል ግድፈት አለው፣ አንዳንዴ አንድ አንቀጽ ሁለቴ ተለጥፎ ይመጣል።

ሳያልቅ መጀመር

ትንሽ ነገር ነው ግን አሳፍሮኛል። ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት የሚይዘው 4096 ፊደልና ምልክት ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይከፈላል። የኔ ሰፈር ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የመጀመሪያው ገብቶ ሁለተኛው መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። እኔ "መደምደሚያ የለውም" ብዬ ከላክሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መደምደሚያው ገባ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ድንገት ቁርጥ ያለ ከመሰለኝ ቡናዬን ጠጥቼ እስክጨርስ እጠብቃለሁ።

የቃሉን ቁጥር አለማየት

ይሄን ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። እኔ ግን ላኪው ዝም ሲል ዋናው ተናጋሪ የቃሉ ቁጥር ነው እላለሁ። አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ የሚያመለክቱ ልጆች የግል ድርሰታቸው ከ650 ቃል ማለፍ የለበትም። የተላከልኝን ገልብጬ ወርድ ላይ እለጥፍና እቆጥራለሁ። 648 ካለኝ ልጁ ስንት ቀን ሲቆርጥና ሲቀጥል እንደከረመ ይገባኛል። ድርሰቱ ሊላክ ነው። እሱን "ስለ አባትህ አንድ አንቀጽ ብትጨምርበት" ማለት ልጁን ማሰቃየት ነው። እሱ የሚፈልገው የቀረ ግድፈት ካለ ነው። 900 ወይም 400 ከሆነ ግን ገና እየቦካ ነው፣ ትችቱ አሁን ይጠቅማል።

"ምን ላድርግልህ?" ብሎ ብቻ መመለስ

ጨዋነት ይመስላል። እኔም ከመጀመሪያው ጥፋቴ በኋላ ፈርቼ ለወራት እንዲህ ስመልስ ነበር። ግን ልጁ ዳታ አጥፍቶ ተኝቷል፣ ወይም መብራት ሄዶበታል፣ ወይም ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ ነው የሚያየው። አንድ ቀን እንዲሁ ባከነ። ደግሞም ብዙዎቹ የሚፈልጉትን አያውቁም። "እየው ብዬ ነው" ይላሉ። ዝም ያሉትም ለዚህ ነው እኮ! ጥያቄ ካላችሁ ትንሽ የሚጠቅም ነገር አስቀድሙና ከሥሩ ጠይቁ።

ተቃራኒውም አለ። እንዳልሳሳት ብሎ ማጠቃለያውንም ትችቱንም አዲሱንም ጽሑፍ አንድ ላይ መላክ። አታድርጉት። ሰው የሚያነበው የመጨረሻውን ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ደግሞ ተዘጋጅቶ የቀረበለት ነው።

ማጠቃለያን እንደ መልስ መቁጠር

ሰው የራሱን ድርሰት አሳጥራችሁ ብትሰጡት ምን ያደርግበታል? የጻፈው እሱ ነው። ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ማጠቃለያ ለሌላ ነገር ትጠቅማለች፣ ይሄንን ያስተማረኝ የረቡዑ ልጅ ነው።

ድርሰቱ በሁለት ቁራጭ ገባ። Forwarded from የሚል የለበትም፣ "እኔ" ይላል። ቆጠርኩት፣ 803 ቃል። ውጭ ለመማር እያመለከተ እንደሆነ እናቱ የውሃ ቦቴ ስንጠብቅ ነግረውኝ ነበር። እንግዲህ በኮመን አፕ ከሆነ ገደቡ 650 ነው፣ 153 ቃል ይተርፋል። ረቂቅ ነው ማለት ነው። ሚዛኑ ወደ ትችት አደላ። ግን ምን ያህል ትችት? ያንን ድርሰቱ አይነግረኝም።

መግቢያው ከጥንት ጀምሮ ውሃ ለሰው ልጅ አስፈላጊ እንደሆነ ይተርካል። ሦስት አንቀጽ ሙሉ፣ ስለ ዓለም፣ ስለ አፍሪካ፣ ስለ ወንዞች። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። ብሎካችን ውስጥ ውሃ በተራ ስለሚመጣ፣ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አሮጊቶች ጄሪካን ማውጣት አቅቷቸው ነበር። ልጁ ደብተር አወጣና የብሎኩን ልጆች ስም ጽፎ፣ ማን በየትኛው ቀን ለማን እንደሚያወጣ ተራ አስያዘ። ይሄን ነገር እኔ ራሴ ደረጃ ላይ አይቼዋለሁ፣ የሱ ሥራ እንደሆነ ግን አላወቅኩም ነበር።

እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦

"አንብቤዋለሁ። የገባኝ ይሄ ነው፦ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ጎረቤቶች ውሃ የሚያደርሱ ልጆችን በደብተር ተራ አስያዝክ። እሱ በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ፣ እዚያ ለመድረስ ሦስት አንቀጽ ማለፍ አለብኝ። 803 ቃል ነው፣ ገደብህ 650 ከሆነ ይቆረጣል። መቼ ነው የምትልከው? ነገ ከሆነ የሚቆረጠውን ብቻ አሳይሃለሁ፣ ቀን ካለህ ግን ዘርዝሬ እጽፍልሃለሁ።"

ሐሙስ ጠዋት መለሰ። "አይ ቲቸር፣ ድርሰቱ እኮ ስለ ውሃ እጥረት ነው። የምልከው እሁድ ነው።"

ይኸው። እኔ ያነበብኩትና እሱ የጻፈው የመሰለው ነገር አንድ አይደለም። የድርሰቱ ሕመም እዚያ ነበር። ሰዋስዉን ብቻ ባስተካክልለት ኖሮ ሳይነካ ይቀር ነበር፣ እንደገና ብጽፍለት ደግሞ እኔ ለራሴ አክሜው እሱ ሳያውቀው ይቀር ነበር። እሁድ ማለቱ ደግሞ ቀኑን ሰጠኝ። አራት ቀን ለሙሉ ትችት ይበቃል።

ስለዚህ ዘርዝሬ ጻፍኩለት። መጀመሪያ ስለ ሐሳቡ። አንባቢው ስለ ውሃ መማር አይፈልግም፣ ስለ አንተ ነው ማወቅ የሚፈልገው። ቀጥሎ ስለ ቅደም ተከተሉ። ሦስቱ የመግቢያ አንቀጾች 214 ቃል ናቸው። ቢወጡ 589 ይቀራል፣ 61 ቃል ትርፍ አለህ። በ61ዱ፣ ከልጆቹ አንዱ አላወጣም ብሎ ተራው የተበላሸ ጊዜ ምን እንዳደረግክ ጻፍ። ይሄን እኔ ስለማውቅ ነው፣ ድርሰቱ ውስጥ አልነበረም። ቋንቋውን መጨረሻ ላይ አመጣሁት። ያለፈውንና የአሁኑን ጊዜ ያደባልቃል። አንዱን ዐረፍተ ነገር ብቻ አስተካክዬ አሳየሁት፣ ቀሪዎቹን አምስቱን ራስህ ፈልጋቸው አልኩት።

ቅዳሜ ማታ ቴሌግራሜ ጮኸ። አሁንም ሰላምታ የለም። ድርሰት ብቻ። ቆጠርኩት፣ 648 ቃል። ሁለት የፊደል ግድፈት ነበረበት፣ እነሱን ብቻ ጽፌ ላክሁለት።