ለቤትም ለጡረታም፦ ነርሷ የኢንቨስትመንት ዕቅዷን በአንድ ገጽ እንዴት ትጻፍ?

አንዲት የ34 ዓመት ነርስ ከ5 ዓመት በኋላ ቤት ለመግዛት፣ በ62 ዓመቷ ደግሞ ጡረታ ለመውጣት አስባለች እንበል። ብዙ ሰው ለሁለቱም የሚሆነውን ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ያጠራቅማል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የቤቱ ገንዘብ በቅርቡ ስለሚወጣ ሊቀንስ አይገባም፤ የጡረታው ግን 28 ዓመት ስላለው ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ሊተኛ አይገባም። ስለዚህ ወረቀቷን መሃል ላይ ወደ ታች በሚወርድ መስመር ግራና ቀኝ አድርጋ ለሁለት ትክፈል።

1. ከመስመሩ በላይ፦ መጠባበቂያ

ለሁለቱም ግቦች ገንዘብ ከመመደቡ በፊት የ4 ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ በማንኛውም ሰዓት በሚወጣ ሒሳብ ይቀመጥ። ነርስ ገቢዋን የምታገኘው በጉልበቷ ጭምር ነው። ታካሚ ስታነሳ ወገቧን ብትጎዳ፣ መጀመሪያ የሚቀርባት የማታ ተረኛና የትርፍ ሰዓት ክፍያው ነው። መጠባበቂያ ከሌላት ያን ጊዜ እጇ የሚሄደው ወደ ቤቱ ገንዘብ ነው።

2. በግራ በኩል፦ ቤቱ

እዚህ ላይ ቁጥሩ በደንብ ይሠራ። በእጇ የሚደርሳት የወር ደመወዝ 10,000 ነው፤ ከዚህ ለቤት 1,200፣ ለጡረታ 800 ትመድባለች። የምትፈልገው ቤት ቅድመ ክፍያ ዛሬ 84,000 ሲሆን 12,000 ቀድማ አጠራቅማለች። በ60 ወር 1,200 ሲቆጠብ 72,000 ይሆናል፤ ከነበራት ጋር ልክ 84,000 ይሞላል። ብዙዎች ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማሉ።

ነገር ግን የቤት ዋጋም ቆሞ አይጠብቅም። በዓመት 4 በመቶ ከጨመረ ቅድመ ክፍያው ከ5 ዓመት በኋላ 102,200 ገደማ ይደርሳል። ቁጠባዋም 4 በመቶ ወለድ ቢያገኝ 94,200 ገደማ ይሆናል። የሚጎድለው 8,000 ነው፤ ይህን ለመሙላት በየወሩ ወደ 120 መጨመር ይበቃል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ለቤት በወር 1,320፤ ጭማሪው ከማታ ተረኛ ክፍያ» ብላ ትጻፍ። የአገሯ የወለድና የቤት ዋጋ ዕድገት ከዚህ የተለየ ከሆነ የራሷን ቁጥር ታስገባ።

ጉድለቱን በአክሲዮን ልሙላው የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔ በፍጹም አልመክርም። እ.ኤ.አ. ከ2007 መገባደጃ እስከ 2009 መጀመሪያ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ ከግማሽ በላይ ወርዷል። በግማሽ የወረደ ገንዘብ ወደነበረበት የሚመለሰው እጥፍ ሲያድግ ነው፤ ቤት ሊገዛ አንድ ዓመት ለቀረው ሰው ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የለውም። የቤቱ ገንዘብ በቁጠባና በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ይቀመጥ፤ የተቀማጩ ማብቂያ ቀን ከግዢው ቀን አይለፍ።

3. በቀኝ በኩል፦ ጡረታው

በመጀመሪያ አሠሪዋ ከደመወዟ የሚቆርጠው የጡረታ መዋጮ ስንት እንደሆነና በ62 ዓመቷ በግምት ምን ያህል እንደሚከፍላት ጠይቃ ትጻፍ። 800ው የሚጨመረው በዚያ ላይ ነው። ድርሻው 80 በመቶ ብዙ ኩባንያዎችን በያዘ የአክሲዮን ኢንዴክስ ፈንድ፣ 20 በመቶ በቦንድ ይሁን። ከ50 ዓመቷ በኋላ የአክሲዮኑ ድርሻ በየዓመቱ በ2 ነጥብ ይቀንስ።

የፈንዱን ዓመታዊ ክፍያ አጠገቡ ትጻፍ፤ ትንሽ ስለሚመስል ማንም አያየውም። በወር 800 በዓመት 6 በመቶ እያደገ ከ28 ዓመት በኋላ 695,000 ገደማ ይሆናል። ፈንዱ 1 በመቶ ተጨማሪ ክፍያ ቢወስድና ዕድገቱ 5 በመቶ ቢሆን 584,000 ገደማ ይቀራል። ልዩነቱ ለቤቱ ከሚያስፈልገው ቅድመ ክፍያ ሁሉ ይበልጣል።

4. ከታች፦ ትእዛዙ

መድኃኒት ሲታዘዝ ዓይነቱ፣ መጠኑና ሰዓቱ እንደሚጻፍ ሁሉ እዚህም እንዲሁ ይሁን፦

«ደመወዝ በገባ ማግስት 1,320 ወደ ቤት፣ 800 ወደ ጡረታ በራሱ ይተላለፋል። በዓመት አንድ ቀን፣ በልደቴ፣ እመለከተዋለሁ። የአክሲዮኑ ድርሻ ለዕድሜዬ ከታቀደው ከ5 ነጥብ በላይ ከበለጠ ወይም ካነሰ አዲስ የሚገባው ገንዘብ ወደ ጎደለው ይሄዳል። ገበያ ስለወረደ አልሸጥም። ዕቅዱን መቀየር ብፈልግ ምክንያቱን ጽፌ 30 ቀን እጠብቃለሁ።»

በጣም የሚፈተነው ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የቤቱ ገንዘብ ቢጎድል መጀመሪያ የግዢውን ቀን እገፋለሁ፤ ካልሆነ አነስ ያለ ቤት እፈልጋለሁ፤ የጡረታውን አልነካም።» ይህ ካልተጻፈ፣ ሻጩ መልስ እየጠበቀ ባለበት ሳምንት፣ የ28 ዓመቱ ገንዘብ ትርፍ መስሎ ይታያታል።

ከዚያ ቀንና ፊርማ። ቤቱ ሲገዛ የግራው በኩል ይሰረዝና የወር ብድር ክፍያው ይጻፍበታል፤ ክፍያው ከ1,320 ካነሰ የተረፈው ወደ ቀኝ ይሻገራል።