በድራይቭ የሚነዳ ሞተር ኩሽኔታ በተደጋጋሚ ሲበላሽ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የተበላሸውን ኩሽኔታ ሳይከፍቱ መጣል ነው። አንድ ባለ 45 ኪሎዋት የማራገቢያ ሞተር በወራት ልዩነት ሁለት ጊዜ ኩሽኔታ ተቀይሮለት ነበር፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ በግሪሱ ይሳበብ ነበር። ሦስተኛውን ቆርጠን ስንከፍተው ግሪሱ ጠቁሯል፤ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት የውጪው ቀለበት ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ይመስል በእኩል ርቀት በተሰለፉ ሽንትሮች ተሸፍኗል። ይህ ምልክት በብዛት የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ነው፤ የግሪስ እጥረት እንዲህ የተስተካከለ መስመር አይተውም።

ሁለተኛው ስህተት «ሞተሩ ግራውንድ አለው» ብሎ መዝናናት ነው። ከመስመር በቀጥታ የሚመጡት ሦስት ፌዞች ድምራቸው ዜሮ ሲሆን፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ድራይቭ ግን ቮልቴጁን በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ስለሚሠራ ድምሩ ዜሮ አይሆንም፤ ከዚህም ቮልቴጅ የተወሰነው ክፍል በቋሚው ስቴተርና በሚሽከረከረው ሮተር መካከል ባለው ክፍተት ተሻግሮ ሻፍቱ ላይ ይወጣል። የግራውንዱ ሽቦ የሚጀምረው ከሞተሩ አካል ነው፤ በሻፍቱና በአካሉ መካከል ያለው ደግሞ ራሱ ኩሽኔታው ነው። ቮልቴጁ ቀጭኑን የግሪስ ሽፋን በጣሰ ቁጥር ብልጭታ ይፈጠርና ብረቱን በጥቃቅን ነጥቦች ያቀልጠዋል። ግራውንዲንግ ሪንግ በሻፍቱ ዙሪያ በሚነኩ ቀጫጭን የካርቦን ክሮች አማካይነት ለዚህ ፍሰት ከኩሽኔታው የቀለለ መንገድ ይከፍትለታል።

ሪንጉን በቀለም ላይ ማሰር ግን ከሁሉም የሚያናድደኝ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ዕቃው ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ምንም አይሠራም። በዚያው ሞተር ላይ ከመግጠማችን በፊት በኦሲሎስኮፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ቮልት ያህል ለካን፤ ከገጠምን በኋላም ንባቡ ከሞላ ጎደል ያው ነበር። ሻፍቱ ላይ የዝገት መከላከያ ቅባት፣ ሪንጉ የተቀመጠበት ክዳን ላይ ደግሞ የፋብሪካ ቀለም ቀርቶ ኖሯል። ሁለቱንም በብርጭቆ ወረቀት እስከ ባዶ ብረት ፍቀን፣ ብሎኖቹ ላይ የነበረውን የማይፈታ ማጣበቂያም አስወግደን (እርሱም ፍሰቱን ሊያግድ ይችላል) እንደገና ስንለካ ወደ 4 ቮልት ወረደ። ይህን ልኬት በተራ መልቲሜትር መሞከር አይጠቅምም፤ ምቱ ለእርሱ እጅግ ፈጣን ነው። መልቲሜትሩ የሚያገለግለው ሞተሩ ቆሞ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ በሪንጉና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ተቃውሞ ለማረጋገጥ ሲሆን፣ ከ2 ኦም በታች መሆን ይኖርበታል።

ከ75 ኪሎዋት በላይ በሆኑ ሞተሮች ሪንግ ብቻውን በቂ አይሆንም። በእነርሱ ውስጥ ፍሰቱ በአንዱ ኩሽኔታ ገብቶ በሌላው እየወጣ በሻፍቱና በአካሉ በኩል ሊዞር ስለሚችል፣ የሞተሩ የራሱ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ባለበት ወገን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሽፋን ያለው ኩሽኔታ ገብቶ ዑደቱ መቋረጥ አለበት፤ ሪንጉም በተቃራኒው፣ ሥራ በሚወስደው ወገን ይቀመጣል።

ሽንትር የያዘ ኩሽኔታ ሪንግ ቢገጠምለትም ጩኸቱ አይቆምም፤ ስለዚህ ሪንጉ የሚገጠመው ከአዲስ ኩሽኔታ ጋር ነው።