የቤተሰብ ፎቶዎቹን ግድግዳው ላይ እንዴት አስተካከልኳቸው

ሳሎን ያሉት የቤተሰብ ፎቶዎች ከሶፋው በላይ በጣም ከፍ ብለው፣ ተራርቀው ነበር የተሰቀሉት። ሁሉንም እንደ አንድ ትልቅ ፎቶ ስቆጥራቸው ነገሩ ተስተካከለ።

መጀመሪያ ወለል ላይ ደረደርኳቸው። ትልቁን የአያቶቼን የሠርግ ፎቶ ከመሀል ትንሽ ወደ ግራ አድርጌ ሌሎቹን ዙሪያውን አስቀመጥኩ። በመካከላቸው 5 ሳንቲሜትር ተውኩ። ክፍተቱ እኩል ከሆነ የፍሬሞቹ መጠን ቢለያይም ዓይን አይረበሽም።

ቀጥሎ ከፍታው። ለቆመ ሰው ዓይን ከወለሉ 145 ሳንቲሜትር አካባቢ ይመቻል። እዚያ የሚያርፈው የጠቅላላው ድርድር መሀል ነው እንጂ የእያንዳንዱ ፎቶ አይደለም። የእኔ ድርድር ቁመት 75 ነው፤ ግማሹ 37.5። ስለዚህ የላይኛው ጠርዝ 182.5፣ የታችኛው 107.5 ላይ ዋለ። የሶፋው መደገፊያ 85 ስለሆነ የተቀመጠ ሰው ፍሬሞቹን በጭንቅላቱ አይነካም፤ ከሶፋውም የተነጠሉ አይመስሉም።

በፍሬሞቹ ልክ ጋዜጣ ቆርጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና ከበሩ ሆኜ አየሁት። ሚስማሩ ግን የፍሬሙ ጠርዝ ላይ አይመታም። የሠርጉን ፎቶ ማንጠልጠያ ሽቦ በጣቴ ወደ ላይ ወጥሬ ስለካው ከላይኛው ጠርዙ 6 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ የፎቶው የላይኛው ጠርዝ 182.5 ላይ ስለሆነ ሚስማሩ 176.5 ላይ ገባ። የሽቦው ርዝመት ስለሚለያይ ይህን ለእያንዳንዱ ፍሬም ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል።