የሥዕል ካርዶቹን አስጠግታችሁ አስነብቧቸው

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ለምታስተምሩ። ልጆች የቅደም ተከተል ሥዕሎችን በትክክል ደርድረው ሲያበቁ፣ «ተናገሩ» ስትሏቸው «ቡና ቆላች። ከዚያ ወቀጠች። ከዚያ አፈላች» እያሉ በ«ከዚያ» ብቻ ይጨርሱታል አይደል?

እኔ ዘንድ የሠራው ዘዴ ይኸውና። መጀመሪያ ሦስቱን ካርዶች አራርቃችሁ አስቀምጡ። በካርዶቹ መካከል ያለው ክፍተት አራት ነጥብ ነው በሏቸው፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። ቀጥሎ ሁለቱን ካርዶች አነካኩ። ካርዶቹ ሲነካኩ አራት ነጥቡ ይጠፋል፣ የፊተኛውም ግሥ ይለወጣል፦ «እናቴ ቡና ቆልታ ወቀጠች።» ሦስተኛውን ስትጨምሩ «እናቴ ቡና ቆልታ፣ ወቅጣ አፈላች» ይሆናል። ማሰሪያ አንቀጹን የሚይዘው የመጨረሻው ካርድ ብቻ ነው።

የሚሠራበት ምክንያት፣ «ቆልታ» የሚለው ቃል ራሱ ቅደም ተከተሉን ስለሚናገር ነው። ካርዶቹን አቀያይራችሁ «ወቅጣ ቆላች» ብታስነብቧቸው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ስህተቱን ጆሯቸው ያርመዋል። ስለዚህ ከካርዱ ጀርባ ቁጥር አትጻፉ፣ ቁጥሩን ብቻ አይተው ይደረድራሉና።

ድርጊት ፈጻሚው ከሥዕል ሥዕል በሚቀያየርበት ታሪክ ግን አትጀምሩ። ገበሬው ዘራ፣ ዝናብ ዘነበ፣ ቡቃያ በቀለ የሚለው ላይ ልጆቹ ማን ምን እንዳደረገ ይምታታባቸዋል። እዚያ «ከዘራ በኋላ» ይሻላል። ፊት መታጠብና ልብስ መልበስም አይሆንም፤ የቱም ቢቀድም ያስኬዳል።