ለነባር ደንበኛ አዲስ ዋጋ እንዴት ይነገራል?

በፍሪላንስ ለሚሠራ ሰው፣ ለአዲስ ደንበኛ አዲስ ዋጋ መንገር ቀላል ነው። የሚከብደው የድሮውን ለለመደ ሰው መንገር ነው። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ያለች ግራፊክ ዲዛይነር ለአንድ የቤት ዕቃ መደብር በየወሩ 12 ፖስተሮች ትሠራለች እንበል። የሚከፈላት 12,000 ብር ነው፤ ከኅዳር 1 ጀምሮ 15,000 ልታደርገው አስባለች።

መጀመሪያ ውል ካላችሁ አውጥታችሁ እዩት። ዋጋውና የሚያበቃበት ቀን ተፈርሞበት ከሆነ፣ መሃል ላይ በራሳችሁ ውሳኔ መጨመር አይሆንም። አዲሱ ዋጋ ውሉ ሲታደስ ይገባል። የእኛዋ ዲዛይነር ግን የተስማማችው በቃል ነው፣ የሚከፈላትም በየወሩ ነው። ስለዚህ የአንድ ወር ማስታወቂያ ይበቃታል።

ቀጥሎ ቀን ምረጡ። እሷ መልእክቱን የምትልከው በጥቅምት መጀመሪያ፣ የመስከረም ክፍያ ከገባላት በኋላ ነው። ከሂሳብ መጠየቂያ ጋር አንድ ላይ አትላኩት። በአዲሱ ዋጋ ቅር ያለው ሰው የድሮውንም ክፍያ ሊያቆየው ይችላል። የበዓል ዋዜማም አይመረጥም፤ ያኔ የሁሉም ሰው ኪስ ተጨንቋል።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለየብቻ ጻፉ። ሁሉንም የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሰብስቦ መንገር ደንበኞቹን አስተባብሮ እንደማስነሳት ነው። የእሷ መልእክት ይህን ይመስላል፦

"ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሶፋው ማስታወቂያ ብዙ ሰው ወደ ሱቅ እንዳመጣ ሲነግሩኝ በጣም ደስ አለኝ። ከኅዳር 1 ጀምሮ የ12 ፖስተሮች ወርሃዊ ዋጋ 15,000 ብር ይሆናል። የጥቅምት ሥራ በሙሉ በነበረው 12,000 ብር ያልቃል። የሥራ ወጪዬም፣ ለአንድ ፖስተር የምሰጠው ጊዜም ስለጨመረ ነው ዋጋውን ያስተካከልኩት። የፖስተሮቹን ቁጥር መለወጥ ከፈለጉ እስከ ጥቅምት 20 ይንገሩኝ፤ የኅዳርን ዕቅድ በዚያው እናወጣለን። ስላመኑኝ አመሰግናለሁ።"

እዚህ ውስጥ ሙቀቱ ያለው ሶፋው ላይ ነው። "ውድ ደንበኛችን" የሚለው ለማንም ይላካል፤ የሶፋውን ነገር ግን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጥንካሬው ደግሞ ዋጋውና ቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ይቅርታ መነገራቸው ነው። እኛ በይሉኝታ "ምን ይመስልዎታል?" ብለን መጨረስ እንወዳለን። ያ ግን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ከሆነ ድርድር ይከተላል።

የጭማሪው ምክንያትም የተነገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር ለሚከፈል ሶፍትዌር የሚወጣው ብር በጣም ጨምሯል። እውነት ነው። ግን ይህን በሰፊው ከተረካችሁት ጋሼም የራሳቸውን ይተርካሉ፤ የእንጨቱን፣ የኪራዩን። ወሬው ማን ይበልጥ እንደተጎዳ ወደመቁጠር ይሄዳል።

ደንበኛው ድርጅት ከሆነ በቴሌግራም ብቻ አይቆምም። አጭር ደብዳቤና አዲስ ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሠሩት ኅዳር 1ን ኖቬምበር 10 ብላችሁም ጻፉላቸው፤ ካልሆነ ኖቬምበር 1 ነው ብለው ሊረዱት ይችላሉ። ለቫት የተመዘገባችሁ ከሆነ ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር ግልጽ ይሁን። 15,000 ላይ 15 በመቶ ሲታከል 17,250 ይሆናል፤ ደንበኛው ይህን ልዩነት ደረሰኝ ሲቆረጥ ሳይሆን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አሁን መልሱ ይመጣል። "ልጄ፣ ለእኔ እንኳ በድሮው አድርጊልኝ።" እዚህ ላይ ዋጋ አይቀነስም፣ ሥራ ይቀነሳል። በአዲሱ ዋጋ አንድ ፖስተር 1,250 ብር ነው። ስለዚህ "በ12,000 ውስጥ እንዲያልቅ ከፈለጉ 9 ፖስተሮች በ11,250 እሠራልዎታለሁ" ትላቸዋለች። ለአንዱ በድሮው ዋጋ ከቀጠለች ሌላው መስማቱ አይቀርም፤ ነጋዴ ከነጋዴ ያወራል። ጨርሶ አልችልም ካሉም የጥቅምትን ሥራ በደንብ ጨርሳ፣ ፋይሎቹን አስረክባ ትለያለች።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የኅዳር ክፍያ ሲደርስ ደንበኛው በልማድ 12,000 ያስገባል። ብዙ ጊዜ ተንኮል የለበትም፤ የባለፈውን ወር ቁጥር ነው የደገመው። ዝም ካላችሁ ግን በሚቀጥለውም ወር ያው 12,000 ይመጣል። በዚያው ቀን እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "ጋሼ፣ 12,000 ብር ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። የኅዳር ሂሳብ 15,000 ስለሆነ ቀሪውን 3,000 ሲመችዎ በዚህ ሳምንት ያስገቡልኝ።"